ሣጥኑ 270 ሽልንግ ሲጎድል

እዚህ ካኩማ ባሉት የሐበሻ ካፌዎች የጠዋቷ ካሸር ለከሰዓቷ ስታስረክብ ጭቅጭቅ አይጠፋም። ጉድለቱ ከደሞዝ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሰሞኑን አንዱን ርክክብ አጠገባቸው ቁጭ ብለን አየነው።

ጠዋት ሣጥኑ ውስጥ ለመልስ የሚሆን 2,000 ሽልንግ በዝርዝር ተቀምጧል። ይህ መነሻ ገንዘብ ነው እንጂ ሽያጭ አይደለም። እስከ 8 ሰዓት በቢል የተሸጠው 6,450 ደረሰ። ሁለቱ ሲደመሩ 8,450 ይሆናሉ። ከዚህ ላይ ሣጥን ውስጥ ያልገባው ይቀነሳል፤ በኤምፔሳ የተከፈለ 1,200 እና በዱቤ የተጻፈ 350። ከሣጥኑ ወጥቶ ለወተት 360፣ ለከሰል 400 መከፈሉም ደብተሩ ላይ ሰፍሯል። እነዚህ ሁሉ ሲነሱ መገኘት ያለበት 6,140 ነው።

ሁለቱ ልጆች ተራ በተራ ቆጠሩ። መጀመሪያ አንደኛዋ፣ ከዚያ ሌላኛዋ፣ የመጀመሪያዋ ስንት እንዳገኘች ሳትናገር። ሁለቱም 5,870 አገኙ። 270 ጎደለ።

ባለቤትየዋ ብዕር አነሱ። "እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ወረቀቶቹን ልይ" አለች ተረካቢዋ። ዘዴዋ እንዲህ ነው። ጉድለቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ፣ ሁለት አኃዝ ተገለባብጦ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። 270 ለ9 ሲካፈል 30 ነው፤ ትርፍ የለውም። እርግጥ ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ 270 በእውነትም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወተት ነጋዴው የተወውን ብጣሽ ወረቀት ፈለገች። 9 ሊትር በ70 ሽልንግ፣ 630 ይላል። ደብተሩ ላይ ግን 360 ተብሎ ተጽፏል! ልዩነቱ ልክ 270 ነው።

ጉድለቱ 500 ሙሉ ቢሆን ኖሮ ፍለጋው ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። ደንበኛው የሰጠው 500 ሆኖ መልሱ እንደ 1,000 ተሰጥቶ ይሆናል። ለዚህ ነው የጠዋቷ ልጅ የተቀበለችውን ኖት፣ መልሱን ቆጥራ እስክትሰጥ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የምታቆየው። መሳቢያ ውስጥ ከገባ በኋላ "ሺህ ነው የሰጠሁሽ" የሚል ሰው ቢመጣ በምን ትመልሰዋለች?

ይህ ቆጠራ የማይይዘው አንድ ነገር ግን አለ። ቢል ሳይጻፍለት የተሸጠ ሻይ ገንዘቡም ሣጥን ሳይገባ ከቀረ፣ ሒሳቡ ልክ መስሎ ይታያል። ያንን የሚያሳየው የስኳሩና የወተቱ ፍጆታ ከቢሉ ጋር ሲተያይ ነው።

ባለቤትየዋ የወተቱን 360 ሰርዘው 630 ጻፉ፤ ሦስቱም ፈረሙበት። ለመልስ የሚሆነው 2,000 ተመልሶ ሣጥን ገባ፤ የቀረውን 3,870 እትዬ ይዘውት ወደ ጓዳ ገቡ።