«Next እንዳትነካ»

«ጋሼ፣ የአባባን ፎቶዎች አጠፋኋቸው» አለኝ የጎረቤቴ ልጅ በስልክ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሊጭን ነበር። የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋባይት ሲሆን ለሁለት ተከፍሏል፤ C ላይ ዊንዶውሱ፣ D ላይ የአባቱ የዓመታት ፎቶ አለ። ዊንዶውስ ሲጫን የሚመጣው ገጽ ግን C እና D አይልም። Drive 0 Partition 3፣ Drive 0 Partition 4 እያለ በቁጥርና በመጠን ይደረድራቸዋል። ልጁ ትልቁን መርጦ Format አለው። የደነገጠው ባዶ ቦታው ከጠቅላላው መጠን ጋር እኩል ሊሆን ሲቃረብ አይቶ ነው።

«ከዚያ በኋላ ምን ነካህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው Next እንዳትነካ። አጥፋውና ይዘኸው ና።»

እዚያ ገጽ ላይ የሚደረገው ፎርማት በሰከንዶች ያልቃል፤ የሚያድሰው መዝገቡን እንጂ ፋይሎቹን አይደለም። ኤምኤፍቲ በሚባለው በዚህ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል አንድ ኪሎባይት የምታህል ገጽ አለችው፤ ስሙ፣ ፎልደሩና ዲስኩ ላይ ያለበት ቦታ ተጽፎባታል። ፎርማቱ የሚደመስሰው የአሮጌውን መዝገብ የመጀመሪያ ገጾች ብቻ ነው። ዊንዶውስ ከተጫነ ግን ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የራሱ ፋይሎች ገጾች በአሮጌዎቹ ላይ ተራ በተራ ይጻፋሉ። ያኔ ፎቶዎቹ ዲስኩ ላይ ቢተርፉም እንኳ ስምና ፎልደር አይኖራቸውም። PhotoRec የመሰለ ፕሮግራም ከይዘታቸው አነፍንፎ ያወጣቸዋል፤ የሚያወጣው ግን በቁጥር የተሰየመ የፎቶ ክምር ነው።

ዲስኩን ፈትቼ በዩኤስቢ ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። መጀመሪያ ሙሉ ግልባጩን ወደ ሌላ ዲስክ ወሰድኩ፤ ብሳሳት እንኳ ዋናው እንዳይነካ። ከዚያ ግልባጩን በ DMDE ከፍቼ Full Scan አስጀመርኩና አሳደርኩት። ጠዋት ፎልደሮቹ ከነስማቸው ተዘርግተው ጠበቁኝ። ስም መታየቱ ግን ፋይሉ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ ስላልሆነ፣ ካሮጌውም ካዲሱም እየመረጥኩ ከፈትኩ። የተመለሰውንም ያስቀመጥኩት በሌላ ዲስክ ላይ ነው።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ተስፋ አይኖረኝም ነበር። ኤስኤስዲ ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» ብሎ ለዲስኩ ይነግረዋል፤ ዲስኩም ራሱ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ ቢነበብ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ዜሮ ብቻ ነው።

በእኛ ዲስክ ላይ በመጀመሪያ የተፈጠረው ፎልደር፣ ገጹ ከተደመሰሱት መካከል ስለነበር፣ ስሙን አጥቶ በቁጥር ብቻ መጣ። አባትየው ከፍተው አንዱን ፎቶ እንዳዩ «ይሄማ የእናቴ ተዝካር ነው» አሉና ስሙን በእጃቸው መልሰው ጻፉበት።