ብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ

ትኩሳት ያለበት ሕፃን ገላ ላይ የሚወጣ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። በብዙ ቤት «ኩፍኝ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንድ ዓይነት ሽፍታ ግን ለመጠበቅ ጊዜ አይሰጥም። ሜኒንጎኮከስ የሚባለው የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ ሲራባ የሚያወጣው ነው፤ ጠዋት ሲጫወት የዋለን ልጅ በማግስቱ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የብርጭቆ ፍተሻ የሚባለው ዘዴ ይህን ሽፍታ ከሌላው ለመለየት ያገለግላል።

የተለመደው ሽፍታ የሚቀላው ቆዳ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ስሮች ሰፍተው ደም ስለሚሞላባቸው ነው። ደሙ ግን ከስሩ አልወጣም። በጣት ሲጫኑት ወደ ጎን ይሸሻል፣ ቅላቱም ለጊዜው ይጠፋል፤ ጣቱ ሲነሳ ይመለሳል። ሜኒንጎኮከስ የሚለቀው መርዝ ግን የደም ስሮቹን ግድግዳ ይጎዳል፤ ደም የሚያረጉት ሕዋሳትም ያልቃሉ። ደሙ ከስሩ ውጭ ይፈስና ቆዳው ውስጥ ይቀራል። መሸሻ ስለሌለው ቢጫኑትም አይጠፋም።

ለፍተሻው ጥርት ያለ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። የቡና ሲኒ አያሳይም፣ ባለ ቀለም ወይም ባለ ጌጥ ብርጭቆም ያደናግራል። የብርጭቆው ጎን (አፉ ወይም ቂጡ ሳይሆን) ሽፍታው ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይጫናል። ቆዳው ከሥሩ ሲገረጣ በብርጭቆው ውስጥ እያዩ ነጠብጣቡ መጥፋት አለመጥፋቱን መለየት ነው። መብራት ደብዛዛ ከሆነ የስልክ ባትሪ ማብራት ይረዳል። ልጁ ተገልጦ መላ ሰውነቱ ይታይ፤ ነጠብጣቡ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልብስ በሸፈነው ቦታ፣ ሆድ፣ መቀመጫና እግር ላይ ነው።

ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ፍተሻው ይከብዳል። መጽሐፍ ላይ በቀይ የተሳለው ነጠብጣብ በእኛ ልጆች ገላ ላይ ከቆዳው ትንሽ የጠቆረ ነጥብ ብቻ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ቆዳው ፈካ ያለባቸው ቦታዎች ይፈለጋሉ፦ መዳፍ፣ ውስጥ እግር፣ የታችኛው የዓይን ቆብ ወደ ታች ተስቦ ውስጡ፣ አፍ ተከፍቶ ላንቃው። እነዚህን ሳያዩ «ሽፍታ የለውም» ማለት ገና ነው።

የሕመሙ አካሄድ በአንድ ምሳሌ ይታይ። የሦስት ዓመት ልጅ ቀን 6 ሰዓት ላይ ትኩሳት ይጀምረዋል፤ ፓራሲታሞል ተሰጥቶት ይተኛል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እግሬን እያለ ያለቅሳል፣ መራመድም እምቢ ይላል። ግንባሩ ይፋጃል፣ እጁና እግሩ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ከንፈሩ ዙሪያ ገርጥቷል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቅልጥሙና ሆዱ ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካ የመሰሉ ጥቂት ነጥቦች ይታያሉ፤ ቁንጫ የነከሰው ይመስላል። ብርጭቆ ሲጫኑባቸው ግን ባሉበት ይቀራሉ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጭኑ ላይ እንደ ብልዝ ያሉ ሐምራዊ ጠባሳዎች ተዘርግተዋል፣ ልጁም ሲጠሩት ዓይኑን በግድ ይገልጣል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብርጭቆው የተናገረው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ልጁ ራሱ ግን ከአምስት ሰዓት በፊት ተናግሮ ነበር። የእግር ሕመም፣ የእጅና እግር መቀዝቀዝ፣ የቆዳ መገርጣት ብዙ ጊዜ ከሽፍታው ቀድመው የሚመጡ ምልክቶች ናቸው። ሽፍታው የሚዘገይ ብቻ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ላይ እንደ ተራ ሽፍታ ሲጫኑት ሊጠፋም ይችላል፤ በአንዳንድ ልጅ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይወጣም። የፍተሻው ወሰን እዚህ ላይ ነው፦ የማይጠፋ ነጠብጣብ ሆስፒታል ያስሮጣል፣ የሚጠፋ ነጠብጣብ ግን ልጁን ነጻ አያወጣም። የደከመ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ የያዘው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ አንገቱን ማጠፍ ያቃተው፣ መጠጣት ወይም መጥባት የተወ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ወይም እርግብግቢቱ ያበጠ ልጅ ሽፍታ ሳይጠበቅለት ይወሰዳል።

ሌላ ቀላል ፍተሻም አለ። የልጁ ደረት መሐል በጣት ለአምስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይለቀቃል። የገረጣው ቦታ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል፤ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ደሙ እንደሚገባው እየተዘዋወረ አይደለም። ቤት ቆይቶ የሚጠብቅ ወላጅ ነጠብጣቦቹን ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ ከከበባቸው፣ በሰዓት ውስጥ መስፋፋታቸውን በዓይኑ ያያል።

የማይጠፋ ነጠብጣብ ትኩሳት ካለበት ልጅ ላይ ከተገኘ፣ ለማርከስ ወይም ቅባት ለመቀባት የሚባክን ሰዓት የለም። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መርፌ ሰጥቶ ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ ሆስፒታሉ ሩቅ ሲሆን ይህች መርፌ ልጁን የምታተርፈው ናት። «ኩፍኝ መርፌ አይወድም» በሚል መርፌ የሚከለከል ልጅ በዚህ ሕመም ብዙ ያጣል። በሽታው ከተረጋገጠ አብረው የሚኖሩት የቤተሰብ አባላትም መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል።

ኢትዮጵያ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በሚደጋገምበት የአፍሪካ ቀበቶ ውስጥ ናት። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየዙሩ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ የተሰጠው ሜንአፍሪቫክ የሚከላከለው «ኤ» የተባለውን ዓይነት ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ዓይነቶች አያግድም። ስለዚህ «ተከትቧል» የሚለው ነጠብጣቡን ለማለፍ በቂ ምክንያት አይሆንም።

የማይጠፋ ነጠብጣብ ሁሉ ሜኒንጎኮከስ አይደለም። ኃይለኛ ሳል ወይም ትውከት ፊትና አንገት ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ይጥላል። በድሬዳዋና በሌሎች ቆላማ ቦታዎች የታየው የዴንጊ ትኩሳት፣ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻም ተመሳሳይ ነጥብ ያወጣሉ። ትኩሳት ከሌለ ደግሞ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ብቻቸውን ያነሱበት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እሱም በዚያው ቀን ይታይ። ይህን ሁሉ መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ ወላጅ ቤት ውስጥ ሊለየው አይሞክር።

ብርጭቆ ሲጫኑት የሚጠፋም ሆኖ ጊዜ የማይሰጥ ሽፍታ አለ። ኩፍኝ ራሱ ከዓይን መቅላት፣ ከአፍንጫ ፈሳሽና ከሳል ጋር ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ልጁ ትንፋሽ ካጠረው፣ ዓይኑ ከደፈረሰ ወይም አፉ ቆስሎ መጥባት ካቆመ አስቸኳይ ነው። ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ሁሉ በሁለት ተከታታይ ቀናት ቫይታሚን ኤ ሊሰጠው ይገባል፤ ይህ ዓይንንም ሕይወትንም ያተርፋል። መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ቆዳው የሚያቃጥለው፣ የሚላጥ ወይም ውሃ የሚቋጥር፣ አፉና ዓይኑም የቆሰለ ልጅ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ትኩሳቱ ለአምስት ቀን ሳይበርድ የቆየ፣ ዓይኑ ያለ ዓይናር የቀላ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀና ምላሱ የቀላ፣ እጁና እግሩ ያበጠ ሕፃንም የልብ ደም ስሮቹን የሚጎዳው የካዋሳኪ በሽታ ሊሆንበት ይችላል፤ ሕክምናው ትኩሳቱ በጀመረ በአሥር ቀን ውስጥ ሲጀመር ልቡን ይጠብቃል።