የቢራ ገብስ የምርት መግለጫ አጻጻፍ፦ የአምባ ጊዮርጊስ ምሳሌ

በወገራ ወረዳ፣ በአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ባለው ደጋ የቢራ ገብስ የሚያመርት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለገዢ በሚያቀርበው መግለጫ ላይ «በነገሥታቱ ምድር በአባቶች ጥበብ የተመረተ ወርቃማ ገብስ» ብሎ ቢጽፍ፣ ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮ ያምራል። የብቅል ፋብሪካ ግዢ ሠራተኛ ግን ከዚህ የሚረዳው ጥቂት ነው፤ አንዱ ሐረግ እንዲያውም ሊያስጠረጥረው ይችላል።

ይኸውም «የአባቶች ጥበብ» የሚለው ነው። ከጥንት ጀምሮ ለጠላና ለእንጀራ የሚዘራው ገብስ ብዙውን ጊዜ የልዩ ልዩ ዝርያዎች ድብልቅ ነው፤ ለቤት ፍጆታ ድብልቁ ጉዳት የለውም። ብቅል ሲዘጋጅ ግን ገብሱ በውኃ ተነክሮ እንዲበቅል ይደረግና ይደርቃል። ዝርያው ከተደባለቀ ፍሬው ውኃ የሚጠጣበትና የሚበቅልበት ፍጥነት ስለሚለያይ አንዱ ሳይደርስ ሌላው ያልፋል። ስለዚህ በሐረጉ ምትክ የዝርያው ስም፣ ለምሳሌ ሆልከር፣ እና ዘሩ የተገኘበት ምንጭ ሊጻፍ ይገባል።

«ወርቃማ» የሚለው ቃል በውስጡ እውነት አለው። በአጨዳና በክምር ጊዜ ዝናብ ያላገኘው ገብስ ብሩህ ቢጫ ሲሆን፣ ዝናብ የመታው ይደበዝዛል፤ ጫፉም ይጠቁራል። ይሁን እንጂ ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከየጆንያው በተወሰደ ናሙና 100 ፍሬ ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ለሦስት ቀናት ይቀመጣል፤ ከ95 በታች ከበቀለ ለብቅል አያስተማምንም። አዲስ የታጨደ ገብስ ለተወሰኑ ሳምንታት እንቅልፍ ላይ ስለሚቆይ፣ በዚያን ጊዜ የተገኘ ዝቅተኛ ውጤት ፍሬው ሞቷል ማለት አይደለም፤ ፈተናው ቆይቶ መደገም አለበት። በዚህም ምክንያት ከውጤቱ ጎን የፈተናው ቀን ይጻፋል።

«የነገሥታቱ ምድር» የሚለው ስለ ጎንደር ታሪክ እንጂ ስለ ማሳው አይናገርም። የምርቱን መነሻ የሚያሳየው የቀበሌው ስምና የምርት ዘመኑ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚታመነው በርክክብ መዝገቡ ላይ የእያንዳንዱ አባል ኩንታል፣ ቀበሌና ቀን ሲገኝ ነው። ውሉን ለመሙላት ከገበያ የተገዛ ገብስ በመጋዘን ከተቀላቀለ የቦታው ስም ከዚያ ጭነት መግለጫ ላይ መውጣት አለበት።

የተስተካከለው መግለጫ ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦ «ሆልከር የቢራ ገብስ። በወገራ ወረዳ በሁለት ቀበሌዎች (ስማቸው ይጠቀሳል) በአባላት ማሳ በመኸር የተመረተ፤ ከሌላ ምርት ጋር ያልተቀላቀለ። ዝናብ ሳያገኘው የተወቃ። ብቅለት 97 ከመቶ፣ እርጥበት 12 ከመቶ፤ የተፈተነበት ቀን በጭነት ሰነዱ ላይ ተመልክቷል።»

የፕሮቲን መጠን በምሳሌው ያልተካተተው በላቦራቶሪ እንጂ በመጋዘን ስለማይለካ ነው። መጠኑ ከፍ ሲል ከብቅሉ የሚገኘው የቢራ ጭማቂ ስለሚቀንስ ገዢው ይጠይቃል፤ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪደርስ ድረስ ቦታው ባዶ ይተዋል። ያለፈው ዓመት ቁጥር አይገለበጥም፤ ዘግይቶ የተጨመረ ዩሪያ ብቻውን መጠኑን ከዓመት ዓመት ሊለውጠው ይችላል።