ቀይ ያልሆነው ካርድ

የፕሮጀክት ሰሌዳ ስክሪንሾት በቴሌግራም ሲደርሰን ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀይ ነገር ላይ ነው። ቀይ ማለት ቀኑ ያለፈ ሥራ ስለሆነ ቀዩን ቆጥረን፣ ባለቤቶቹን ጠርተን፣ «ይህ ለምን ዘገየ?» እንላለን። ቀለሙ የሚነግረን ግን ቀን ማለፉን ብቻ ነው። የትኛው ሥራ ሲዘገይ ፕሮጀክቱ በሙሉ አብሮ እንደሚዘገይ አይነግረንም። ይህን ለማወቅ ስክሪንሾቱን ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ እንዴት እንደሚነበብ በአንድ ምሳሌ እንየው።

አዲስ ዳቦ ቤት ለመክፈት የተሰናዳ ሰሌዳ ነው እንበል። አራት ዓምዶች አሉት፦ ያልተጀመረ፣ በሥራ ላይ፣ የቆመ፣ ያለቀ። «በሥራ ላይ» ከሚለው ሥር የሴራሚክ ንጣፍ እስከ ኖቬምበር 14፣ ታፔላ እስከ ኖቬምበር 12፣ የመስመር ዝርጋታ ደግሞ ያለ ምንም ቀን ተቀምጠዋል። «የቆመ» ውስጥ ሁለት ካርዶች አሉ፦ ኦቨኑን ከጉምሩክ ማውጣት፣ እስከ ኖቬምበር 20፤ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማስገባት፣ እስከ ኖቬምበር 28። ያልተጀመሩት የኦቨን ተከላ፣ የሙከራ ጋገራ፣ የቁጥጥር ምርመራና ዲሴምበር 20 የተባለው የመክፈቻ ቀን ናቸው። «ያለቀ» ውስጥ የሊጥ ማቡኪያ ግዢ አለ፤ እሱም ኖቬምበር 10 የሚል ቀይ ቀን ይዟል።

ከሁሉ በፊት ስክሪንሾቱ መቼ እንደተነሳ መታወቅ አለበት። መዘግየት የሚሰላው እኛ ምስሉን ባየንበት ቀን ሳይሆን ምስሉ በተነሳበት ቀን ነው። ብዙ ጊዜ በስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓትና ቀን ይታያል፤ ተቆርጦ ከሆነ ላኪውን መጠየቅ ይሻላል፤ ቴሌግራም የሚያሳየው የተላከበትን ሰዓት ነውና። የእኛ ምስል የተነሳው ኖቬምበር 18 ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚመጣ ወጥመድ አለ። ኖቬምበርን በለመደ አፋችን «ኅዳር» እንለዋለን። ነገር ግን በዚህ ዓመት ኖቬምበር 28 ማለት ኅዳር 19 ነው። ኤሌክትሪሻኑ «ኅዳር 28» ብሎ ከሰማ ዘጠኝ ቀን ተጨማሪ ያገኘ ይመስለዋል። ስለዚህ ከሰሌዳው የሚወጣው ዝርዝር ሁለቱንም ቀኖች ጎን ለጎን ቢይዝ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

አሁን የዘገዩትን እንለይ። ታፔላው በስድስት ቀን፣ ሴራሚኩ በአራት ቀን ዘግይተዋል። ማቡኪያው ቀይ ቢሆንም አልዘገየም፤ ሥራው አልቆ ወደ «ያለቀ» ዓምድ ተጎትቷል። በብዙ ሰሌዳዎች ላይ ካርድን ወደ መጨረሻው ዓምድ መጎተትና ካርዱ ላይ «ተጠናቋል» ብሎ ምልክት ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ምልክቱ ከተረሳ ቀዩ እንዳለ ይቀራል። በዝርዝራችን ውስጥ የሚገባው ማጣራት እንዳለብን ከሚገልጽ ማስታወሻ ጋር ነው።

የቆሙትን መለየት ይከብዳል። ሰሌዳው «ቆሟል» ይላል እንጂ በምን ምክንያት እንደቆመ ብዙ ጊዜ አይናገርም። ለምሳሌ ጂራ ላይ አንድን ሥራ የሚያግደው ሌላ ሥራ የሚጻፈው `is blocked by` በሚል ነው፤ ይህን የምናገኘው ካርዱን ከፍተን ስናየው ነው፣ ስክሪንሾት ደግሞ አይከፈትም። በእኛ ምስል የቆጣሪው ካርድ ርዕስ ሥር «ዝርጋታ ሲያልቅ» የሚል አጭር ጽሑፍ አለ። ይህ በዓይን የታየ ማስረጃ ነው። የኦቨኑ ካርድ ላይ ግን የአስተያየት ምልክት እንጂ ሌላ ነገር የለም። ምናልባት የባንክ ሰነድ ይሆናል፣ ምናልባት የማጓጓዣ ክፍያ፤ ገምቶ እንደ እውነት መጻፍ ሰው ያሳስታል። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው በምስሉ ላይ የታየውን፣ ከሥራው ባሕርይ የተገመተውንና ገና መጠየቅ ያለበትን ለየብቻ መጻፍ ነው። አንድ ካርድ ከሌላው በላይ መቀመጡም ቅደም ተከተልን አያረጋግጥም፤ ማንም ሰው በመዳፊት ጎትቶ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር እንሄዳለን። መሐንዲሶች ክሪቲካል ፓዝ የሚሉትን ዘዴ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የዱፖንቱ ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ ቀመሩት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንዱ ካላለቀ ሌላው የማይጀምርባቸውን ሥራዎች በሰንሰለት አያይዝ፤ የእያንዳንዱን ሰንሰለት ቀናት ደምር፤ ረጅሙ ሰንሰለት ፕሮጀክቱ የሚያልቅበትን ቀን ይወስናል። ሰሌዳው ግን አንድ ሥራ ስንት ቀን እንደሚወስድ አይጽፍም። ስለዚህ ባለሙያዎቹን መጠየቅ ግድ ነው፤ መልሳቸው እስኪመጣ ድረስ የምናወጣው ሰንሰለት ግምት ብቻ ነው።

ጠየቅን እንበል። ዝርጋታው ገና አምስት ቀን ይፈልጋል፤ ቆጣሪው ከዚያ በኋላ አሥር ቀን። ተከላው አራት፣ ሙከራው አምስት፣ ምርመራው ሰባት ቀን ይፈጃሉ። ኦቨኑ ከጉምሩክ ወጥቶ ዳቦ ቤቱ እስኪደርስ አሥር ቀን፣ ሴራሚኩ ሦስት ቀን ይቀራቸዋል። ተከላው ሦስቱንም፣ ማለትም ቆጣሪውን፣ ኦቨኑንና ሴራሚኩን ይጠብቃል።

ከኖቬምበር 18 ስንቆጥር ሴራሚኩ ኖቬምበር 21፣ ኦቨኑ ኖቬምበር 28 ይደርሳሉ። ዝርጋታው ኖቬምበር 23 ያልቅና ቆጣሪው ዲሴምበር 3፣ ማለትም ኅዳር 24 ይገባል። ተከላው ከዚያ በፊት ሊጀምር አይችልም። ስለዚህ ተከላ ዲሴምበር 7፣ ሙከራ ዲሴምበር 12፣ ምርመራ ዲሴምበር 19 ያልቃሉ። መክፈቻው ዲሴምበር 20 ነው፤ በእጃችን የቀረው ትርፍ አንድ ቀን ብቻ ሆነ።

ወሳኙ ሰንሰለት እንግዲህ ዝርጋታ፣ ቆጣሪ፣ ተከላ፣ ሙከራ፣ ምርመራ ነው። ከእነዚህ አምስት ካርዶች አንዱም ቀይ አይደለም። የሰንሰለቱ ራስ የሆነው ዝርጋታ ጭራሽ ቀን የለውም፤ ቀን የሌለው ካርድ ደግሞ ወር ቢዘገይም አይቀላም። የቆጣሪው ካርድ ኖቬምበር 28 ቢልም ስሌታችን ዲሴምበር 3 ስለሚል፣ ቀኑ ሳያልፍ ከአሁኑ እንደሚዘገይ እናውቃለን። በአንጻሩ ስድስት ቀን የዘገየው ታፔላ ከመክፈቻው በቀር ሌላ ሥራ አይጠብቀውም። ሴራሚኩም ከራሱ መዘግየት በኋላ እንኳ አሥራ ሁለት ቀን ትርፍ አለው። ጠዋት ተነስቶ የታፔላ ሠሪውን ማስጨነቅ የመክፈቻውን ቀን አያተርፍም፤ ለኤሌክትሪሻኑ አንድ ረዳት መጨመር ግን ሊያተርፍ ይችላል።

ስክሪንሾት የሚደብቀውም አለ። በስተቀኝ ሌላ ዓምድ ሊኖር ይችላል፤ ዓምዱ ወደ ታች ሲንሸራተት የሚወጡ ካርዶች ይኖራሉ፤ ላኪው በራሱ ስም ብቻ አጣርቶ ያነሳው ምስልም ሊሆን ይችላል። ከታች በኩል ግማሹ የተቆረጠ ካርድ ካያችሁ ተጨማሪ ምስል ጠይቁ። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ጥራቱን ስለሚቀንስ 3 እና 8 የሚምታቱበት ጊዜ አለ፤ ምስሉ በፋይል መልክ ቢላክ ቀኖቹ ጥርት ብለው ይነበባሉ።

ሰንሰለቱም እንደተገኘ አይቆይም። የኦቨኑ ካርድ ምን እንደያዘው ገና አላወቅንም፤ የተሰጠን አሥር ቀንም ችግሩ ቶሎ ይፈታል ከሚል ተስፋ የመጣ ነው። ከቆጣሪው አንጻር አምስት ቀን ትርፍ አለው። የጉምሩኩ ጉዳይ በአሥር ፈንታ አሥራ ስድስት ቀን ከወሰደ ኦቨኑ የሚደርሰው ዲሴምበር 4 ነው፤ ያን ጊዜ ወሳኙ ሰንሰለት ከኤሌክትሪክ ወደ ጉምሩክ ይዞራል፣ ያቺ አንድ ትርፍ ቀንም ታልቃለች። ስለዚህ ለቡድኑ የሚላከው መልእክት ሁለት ጥያቄ ይኖረዋል፦ የዝርጋታው ማብቂያ ቀን ስንት ነው? ኦቨኑን የያዘው ሰነድ የትኛው ነው፣ በማን እጅስ ነው?