በረኪናውን ከመክፈታችሁ በፊት የሸሚዙን ውስጥ እዩ

የኢሬቻ ሰሞን አምቦ ከተማ ነጭ በነጭ ትሆናለች። ባለፈው ዓመት እኔም ጥቁርና ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ጉደር ዘመድ ቤት ጎራ አልኩ። ምሳ ላይ አንድ ጠብታ አልጫ ደረቴ ላይ አረፈች። ማታ በሳሙና ሳሸው ቢጫው ቀይ ሆነ! ደንግጬ በረኪና ላፈስበት ስል ታላቅ እህቴ እጄን ያዘችኝ።

መቅላቱ አዲስ እድፍ አይደለም። አልጫውን ቢጫ ያደረገው እርድ ነው፤ እርድ ደግሞ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። በደንብ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል።

እህቴ ከውስጥ በጎን ስፌቱ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አሳየችኝ። ጽሑፏ ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስፍታችሁ እዩት። ሳፋው ስለማጠብ ነው፤ ውስጡ ያለው ቁጥር ውሃው ከዚያ ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ይነግራችኋል። እጅ ከተሳለበት በእጅ ብቻ ይታጠባል። ሶስት ማዕዘኑ የማንጫ ጉዳይ ነው። ባዶ ከሆነ በረኪና ይቻላል። ሁለት ሰያፍ መስመር ካለው ክሎሪን የሌለው ማንጫ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የተለመደው በረኪና አይሆንም። ኤክስ ከተደረገበት ምንም ማንጫ አይነካውም።

የኔ ሸሚዝ ሳፋው ላይ 30፣ ሶስት ማዕዘኑ ላይ ኤክስ ነበረው። ከጥጡ ጋር የሚለጠጥ ክር አለበት፤ ይህን ክር በረኪና ቢጫ ያደርገዋል፣ መለጠጡንም ይገድለዋል።

በረኪና ቀረ። ግን ኦሞውም ቢሆን መሞከር አለበት፣ ጥለቱ ቀለም ሊለቅ ይችላላ። ኦሞውን ልንጠቀምበት ባሰብነው መጠን በጠብን፤ ከዝምዝማቱ ውስጥ፣ ሰው የማያየው ጥለት ላይ አንድ ጠብታ አደረግን። አምስት ደቂቃ ቆይተን በነጭ ጨርቅ ጫን አልነው። ጨርቁ ላይ ሐምራዊ ቀይ ወጣ! ሸሚዙን ሙሉ ዘፍዝፌው ቢሆን ነጩ ሁሉ ይቀላ ነበር።

ስለዚህ እድፉን ብቻ ነካክተን አጠብንና ለቀለቅነው። የቀረውን ቢጫነት ለፀሐይ ተውነው፣ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። ጥለቱም አብሮ እንዳይደበዝዝ በጨርቅ ሸፈንነው። በሁለተኛው ቀን እድፉ የለም።

በሸማኔ የተሠራ ቀሚስና ነጠላ ግን ምልክት የለውም፤ ያለው ሙከራው ብቻ ነው። ነጭ ጥጥ ላይ በረኪና ካሰባችሁ፣ በአንድ የቡና ስኒ ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ በረኪና በጥብጡ፣ ስፌቱ ውስጥ ጠብ አድርጉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ለቅልቃችሁ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በቀን ብርሃን እዩት፤ እርጥብ ጨርቅ ለውጡን ይደብቃል። «ይበልጥ ያነጣል» ብላችሁ ሎሚ ወይም አቼቶ እንዳትጨምሩበት፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።