የኤልሲ ወረቀትን ከባንኩ ቀድሞ መመርመር፤ ምን አስተምራለሁ? ማንስ ይጠቀምበታል?

ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከገርጂም እስከ አያት ድረስ ከሚገኙት ነጋዴዎች መካከል ዕቃቸውን በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ውጭ ሀገር የሚልኩ አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሽያጩን ገንዘብ የሚቀበሉት በሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ በተለምዶ ኤልሲ በምንለው የባንክ የክፍያ ሰነድ አማካይነት ነው። እኔም በአንድ ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ስሠራ የዋለ ያደረው ሥራዬ፣ ከኤልሲው ጋር ለባንክ የሚቀርቡትን ወረቀቶች ማዘጋጀት ነው። ይህንን ሥራ ለሌሎች ለማስተማር ፈቃደኛ ስለ ሆንኩ፣ የማስተምረው ምን እንደ ሆነና ማን እንደሚጠቀምበት ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

የማስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ወረቀቱን ባንኩ ከመመርመሩ በፊት በባንኩ ዓይን መመርመር ነው። ባንክ ዕቃውን አያይም፤ የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። ይህም መቀመጫው በፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣው፣ ከ2007 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ በሚሠራበት ዩሲፒ 600 በተባለው ደንብ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ዕቃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ወረቀቱ ከኤልሲው ጋር ካልተስማማ ባንኩ አልከፍልም ለማለት ይችላል።

በአውሮፕላን ለሚልክ ሰው ደግሞ አደጋው የበረታ ነው። በመርከብ በሚላክ ዕቃ ላይ ትእዛዝ ተቀባይ የሆነው የመርከብ ጭነት ሰነድ ዋናው ቅጂ ካልቀረበ ዕቃው አይለቀቅም። ኤር ዌይ ቢል ግን የማጓጓዣ ውል ማስረጃ እንጂ የባለቤትነት ሰነድ አይደለም፤ በላዩ ተቀባይ ተብሎ ስሙ የተጻፈው ሰው ማንነቱን አስረድቶ ዕቃውን ይወስዳል። እንግዲህ ተቀባዩ ገዢው ራሱ ከሆነና በወረቀቱ ላይ ግድፈት ከተገኘ፣ ዕቃው በገዢው እጅ ገብቶ ገንዘቡ በባንክ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ኤልሲው በመጣ ዕለት አስቀድመን የምንፈልገው ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ ነው። ኤልሲውን የከፈተው ባንክ ተቀባይ እንዲሆን መጠየቅ የሚገባውም ያን ጊዜ፣ ዕቃው ሳይጫን ነው።

ትምህርቱ እንዴት እንደሚካሄድ በምሳሌ ላስረዳ። አንድ የቆዳ ዕቃ ነጋዴ በፍራንክፈርት ለሚገኝ ገዢ 400 የሴቶች የቆዳ የእጅ ቦርሳ፣ አንዱን በ45 ዶላር፣ በጠቅላላው በ18,000 ዶላር ሸጠ እንበል። ኤልሲው ዕቃው ተከፋፍሎ እንዳይላክ ይከለክላል፤ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ሜይ 12፣ የኤልሲው ማብቂያ ደግሞ ሜይ 24 ነው። በማሸጊያው ክፍል አራት ቦርሳዎች ስፌታቸው ተበላሽቶ ስለ ተገኘ ነጋዴው 396ቱን ብቻ ልኮ፣ ሂሳቡንም በቅንነት ወደ 17,820 ዶላር ዝቅ አድርጎ ጻፈ።

ይህ ሰው ገዢውን አላታለለም፤ በባንኩ ዓይን ግን ግድፈት ፈጽሟል። ብዙዎች ደንቡ አምስት በመቶ ጉድለት ወይም ትርፍ ይፈቅዳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ የሚሠራው እንደ ቅመም በኪሎ ለሚመዘን ዕቃ እንጂ ኤልሲው በቁጥር ለወሰነው ዕቃ አይደለም። እነሆ የ180 ዶላር ጉድለት 17,820 ዶላሩን ሁሉ አጠራጣሪ አደረገው። ገዢው ጉድለቱን ተቀብያለሁ ካላለ ባንኩ አይከፍልም፤ ገዢውም ይህን አጋጣሚ ዋጋ ለማስቀነስ ሊጠቀምበት ይችላል። መፍትሔው አራቱን ቦርሳዎች ተክቶ መላክ፣ ወይም ሳይጭኑ ኤልሲው እንዲሻሻል መጠየቅ ነበር።

ቀጥሎ የዕቃውን ስም እንመረምራለን። ጸሐፊው በኢንቮይሱ ላይ «የቆዳ ውጤቶች» ብሎ ቢጽፍ ስሕተት ነው፤ ኢንቮይስ በኤልሲው 45A በተባለው መስመር ከተጻፈው የዕቃ መግለጫ ጋር መስማማት አለበትና። በፓኪንግ ሊስቱና በትውልድ ሀገር ማረጋገጫው ላይ ግን ከኤልሲው ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ጠቅለል ያለ ስም ይበቃል። ይህንን ልዩነት የማያውቅ ጸሐፊ ስሕተት ያልሆነውን ሲያርም ይውልና ዋናውን ስሕተት ያሳልፋል።

ሦስተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ኤር ዌይ ቢሉ የተሰጠው ግንቦት 2 ቀን፣ ማለት ሜይ 10 ነው፤ አውሮፕላኑ ግን የተነሣው ሜይ 13 ነው እንበል። ጀማሪ ይደነግጣል። ሆኖም በወረቀቱ ላይ ትክክለኛው የመጫኛ ቀን ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር የሚቆጠረው ሰነዱ የተሰጠበት ቀን ስለ ሆነ ጭነቱ አልዘገየም። ወረቀቱን ለማቅረብ ደግሞ ኤልሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ ከተጫነበት ቀን በኋላ 21 ቀን ይፈቀዳል፤ ይህም ሜይ 31 ይሆናል። ነገር ግን ኤልሲው ሜይ 24፣ ማለት ግንቦት 16 ቀን ስለሚያበቃ የሚያስገድደው ይህኛው ነው። በዚያው በ31D መስመር የማብቂያው ቦታም ይጻፋል። ቦታው አዲስ አበባ ሳይሆን ጀርመን ከሆነ፣ ወረቀቱ በተባለው ቀን እዚያ መድረስ ስላለበት የፖስታው ጉዞ ከእኛ ቀን ላይ ይቀነሳል።

ይህንን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ተማሪዬ በአንድ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ እንዲያሰምር አደርጋለሁ፤ በአናቱ ኤልሲውን፣ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱን፣ ኤር ዌይ ቢሉንና የትውልድ ሀገር ማረጋገጫውን፣ በጎኑ ስምን፣ ብዛትን፣ ክብደትን፣ የካርቶን ቁጥርንና ቀንን ይጽፋል። ከዚያም እያንዳንዱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። የተጋጨው ነገር ወዲያው ይታያል። ባንኩ ለምርመራ ያለው ጊዜ እስከ አምስት የሥራ ቀን ስለ ሆነ፣ ወረቀቱን ቀደም ብሎ ያስገባ ሰው ግድፈት ቢገኝበት እንኳ ቀኑ ሳያልፍ አርሞ መልሶ ሊያቀርብ ይችላል። ኤር ዌይ ቢልን ግን የሚያርመው አየር መንገዱ ወይም ወኪሉ ብቻ ነውና በእጅ መነካካት ክልክል ነው።

ከዚህ ትምህርት አብልጦ የሚጠቀመው ማን ነው? በመጀመሪያ፣ ወረቀቱን በእጁ የሚጽፈው ጸሐፊ ወይም የሂሳብ ሠራተኛ ነው። እንግሊዝኛው ፈጣን መሆን የለበትም፤ እንዲያውም ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው የበለጠ ያያል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ወይም ሁለተኛውን ኤልሲ የተቀበለና ገና ያልጫነ ላኪ ነው፤ የሚታረም ነገር በእጁ አለውና። ሦስተኛ፣ አስመጪ ነው። እርሱ ኤልሲ ሲያስከፍት ሻጩ ምን ወረቀት ማቅረብ እንዳለበት የሚያስጽፈው ራሱ ነው፤ የዕቃ ምርመራ የምስክር ወረቀት ሳያስጽፍ ቢቀር ባንኩ በራሱ ሐሳብ አይጠይቅለትም።

ገዢ ወይም የውጭ ምንዛሪ የሚፈልግ፣ የቀረጥ ጉዳይም የቸገረው ሰው ግን ወደ እኔ ቢመጣ ጊዜውን ያባክናል፤ ለቀረጡ ትራንዚተር አለለት። እንዲሁም ወረቀቱን ሠርቼ እንድሰጠው የሚሻ ሰው ተማሪ ሳይሆን ደንበኛ ነው።

ለመማር የሚፈልግ ሰው ሥራው ያለቀ አንድ የኤልሲ ፋይል ቅጂ፣ የገዢውንና የባንኩን ስም ሸፍኖ ይዞ ይምጣ። ባንኩ ግድፈት ያገኘበት ፋይል ቢሆን ይመረጣል፤ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ የምናሰምረው በእርሱ ላይ ነው።