አንድ ኪሎ ጋዝ ለመቃጠል ስንት ኪሎ አየር ይፈልጋል?

በሚዛን አማንና በቴፒ ከተሞች በሲሊንደር ጋዝ የሚያበስል ሰው የሚከፍለው ለጋዙ ብቻ ነው። እሳቱ የሚበላው ግን ሁለት ነገር ነው፤ ጋዝና አየር። ከሁለቱም እጅግ የሚበልጠው አየሩ ነው። ጋዙ ሲያልቅ እሳቱ ይጠፋል፤ አየሩ ሲያንስ ግን እሳቱ ሳይጠፋ መርዝ ማውጣት ይጀምራል። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አካባቢ በርና መስኮት ዘግቶ ለሚያበስል ቤተሰብ ይህን ልዩነት ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የሲሊንደር ጋዝ በዋናነት የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። የሁለቱ የአየር ፍላጎት ስለሚቀራረብ ስሌቱን በፕሮፔን እንሥራው። አንዲት የፕሮፔን ቅንጣት 3 ካርቦንና 8 ሃይድሮጅን አላት። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል እያንዳንዱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ሁለት ሁለት ሃይድሮጅን ደግሞ አንድ አንድ ኦክስጅን ይዘው ውኃ ይሆናሉ። ለካርቦኑ 6፣ ለሃይድሮጅኑ 4፣ በድምሩ 10 ኦክስጅን ያስፈልጋል ማለት ነው። በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

C3H8 + 5 O2 → 3 CO2 + 4 H2O

አሁን ወደ ክብደት እንለውጠው። የካርቦን ክብደት 12፣ የሃይድሮጅን 1፣ የኦክስጅን 16 ነው። ስለዚህ ፕሮፔኑ 44፣ ኦክስጅኑ 160 ይመዝናል። 160 ለ44 ሲካፈል 3.64 ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ፕሮፔን 3.64 ኪሎ ኦክስጅን ይፈልጋል። ነገር ግን የምንተነፍሰው አየር ኦክስጅን ብቻ አይደለም። ከ100 ኪሎ አየር ውስጥ ኦክስጅኑ 23.2 ኪሎ ያህል ነው። 3.64 ለ0.232 ሲካፈል 15.7 ኪሎ አየር ይመጣል።

ይህ አየር ምን ያህል ቦታ ይይዛል? በባሕር ጠለል አቅራቢያ 13 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,450 ሜትር ከፍታ ባላት በሚዛን ግን አየሩ ስለሚሳሳ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ 16 ሜትር ኩብ ያህል ያስፈልጋል። ወደ ማጂ ደጋ በወጣን መጠን ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ከ17 ሜትር ኩብ ያልፋል።

ከእበት ባዮጋዝ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች የሚያነዱት ጋዝ ሚቴን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአገራችን የተስፋፋው ቴክኖሎጂ የሚሠራው በዚህ ጋዝ ነው። የሚቴን ስሌት አጭር ነው፦

CH4 + 2 O2 → CO2 + 2 H2O

ሚቴኑ 16፣ ኦክስጅኑ 64 ይመዝናል። አንድ ኪሎ ሚቴን 4 ኪሎ ኦክስጅን፣ ማለትም 17.2 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ነገር ግን ባዮጋዝ ንጹሕ ሚቴን አይደለም፤ ከይዘቱ 60 በመቶ ያህሉ ሚቴን ቢሆን ቀሪው በአብዛኛው የማይቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ኪሎ ባዮጋዝ የሚፈልገው 6 ኪሎ አየር ገደማ ብቻ ነው። ለሲሊንደር ጋዝ የተሠራ ምድጃ ሳይስተካከል ለባዮጋዝ የማይሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ስሌቱን ወደ ማብሰያ ቤት እንውሰደው። ርዝመቱና ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 22.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንድ ኪሎ ጋዝ ለማቃጠል የሚበቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ ችግሩ የሚጀምረው አየሩ ከማለቁ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ክፍሉ ፍጹም ቢዘጋ 200 ግራም ያህል ፕሮፔን ብቻ የኦክስጅኑን ድርሻ ከ21 በመቶ ወደ 18 በመቶ ያወርደዋል። ይህም አንድ መካከለኛ የምድጃ ዓይን ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ የሚያቃጥለው መጠን ነው። እርግጥ ቤት ሁሉ ቀዳዳ ስላለው የተወሰነ አየር ይገባል፤ ሁለት ዓይን አብሮ ሲነድ ግን ጊዜው በግማሽ ያጥራል።

ኦክስጅን ሲያጥር ካርቦኑ ሁለት ኦክስጅን በመያዝ ፈንታ አንድ ብቻ ይዞ ይወጣል። ይህ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ጋዙን ዘግቶ ወዲያውኑ ወደ ውጭ መውጣት ይገባል።

እሳቱም ራሱ ይናገራል። በቂ አየር ያገኘ ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ ሆኖ ከተርገበገበና የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ካለበሰ አየር አንሶታል። ይህ የሚሆነው የምድጃው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በጥላሸት፣ በነፍሳት ወይም በፈሰሰ ምግብ ሲደፈን፣ አልያም ክፍሉ ሲታፈን ነው። ሰማያዊ ነበልባልም ቢሆን መስኮት ለመዝጋት ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ምድጃው ሲነድ አንድ ክፍተት ከታች፣ አንድ ክፍተት ከላይ ይኑር። ቀዝቃዛው አየር በታች ይገባል፣ የሞቀው ጭስ በላይ ይወጣል። ጋዝ ቢያፈተልክም ከአየር የሚከብደው ፕሮፔን በታችኛው፣ ከአየር የሚቀለው ሚቴን በላይኛው ክፍተት መውጫ ያገኛሉ።